የታሰረው ጡት

እትዬ አስካለች አዋላጅ ናት። ሶዶ ውስጥ ምላሷን የማይፈራ የለም። የመጀመሪያ ልጄን በ1955 ዓ.ም. በወለድኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተጠርታ መጣች። ግራ ጡቴ ቀልቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ትኩሳት ያንቀጠቅጠኛል። አማቴ፣ «የታመመ ጡት ልጁን ይመርዘዋል» ብለው ከትናንት ጀምሮ በመቀነት አስረውታል። የቀኙ ጫፍም ተሰንጥቋል፤ ልጄ ሊጠባ በቀረበ ቁጥር አማቴ ጫፉን ቅቤ ይቀቡታል። አራስን በቅቤ መንከባከብ የአገሩ ወግ ነውና ማን ይከለክላል?

«ፍቱት!» ብላ ጮኸች እትዬ አስካለች። «ወተቱ ታግቶ ነው ያበጠው። ልጁ ካልሳበው መግል ይይዛል፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ይደርቃል።»

«ልጄ ቢታመምብኝስ?» አልኳት እየፈራሁ።

«ወተቱ አይጎዳውም።»

መቀነቱን ራሷ ፈትታ መሬት ጣለችና ከቀኙ ጡቴ ላይ ቅቤውን በለብታ ውሃ ጠረገችው። «ቅቤው እያንሸራተተው ጫፉን ብቻ ይዞ ያኝክሻል።» ከዚያ ልጄን ወደ ግራው አዞረችው። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቃ፣ አገጩን ከጡቴ አስጠግታ፣ ጫፉን በዙሪያው ካለው ጥቁር ክብ ጋር አጎረሰችው። መጀመሪያ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ ቆይቶ ሕመሙ ረገብ አለ። ሲውጥ ድምፁ ተሰማኝ።

«ሳትታክቺ አጥቢው። እስከ ነገ ትኩሳቱ ካልበረደ ሆስፒታል ሄደሽ መርፌ ትወጊያለሽ» አለችኝ።

አማቴ ግን አላመኑም። «ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አሏት።

እትዬ አስካለች መቀነቱን ከመሬት አንስታ አጣጠፈችው።

«የኔን ሁለቱንም ጡት ያሰረችው እናቴ ናት» አለች። «ልጄን የቀበርኩት በሳምንቱ ነው።»