«መቼ» ያልናት ጸሐፊያችን

በወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት ቀለም የምቀባው እኔ ነኝ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ አለቅነቱን ብዙም አልቆጥርለትም። ደንበኞች ደግሞ በስሙ አይጠሩትም፤ «በቅርቡ» ነው የሚሉት። አልጋ ያዘዘም ሆነ ቁም ሣጥን ያዘዘ፣ በስልክ ሲጽፍለት መልሱ አንድ ነው፦ «በቅርቡ ይደርሳል።» ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰው ማስቀየም አይሆንለትም፤ ስለማይሆንለትም ሁሉንም ያስቀይማል።

ጸሐፊዋን የቀጠራት መልእክቱ መፈናፈኛ ሲያሳጣው ነው። ሁለት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመጣ፣ ምላሰ ፈጣን፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት። የገባችው ለሙከራ ነበር። «ቋሚ የምሆነው መቼ ነው?» ብላ ስትጠይቀው ምን እንዳላት መቼም አይጠፋችሁም። ከአፏ ያ ጥያቄ ስለማይጠፋ «መቼ» ብዬ ስም አወጣሁላት። አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ስጠራት «አቤት» ትላለች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንዲት መምህር መጣች። መዋዕለ ሕፃናት ልትከፍት ትናንሽ ወንበሮች አዛናለች። ግማሾቹ አልቀዋል፣ ለቀሩት እንጨት አልመጣም። ካልተቀባ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና ተንፈስ አለች።

«ፈቃድ ሰጪዎቹ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ ጠዋት በ3 ሰዓት ይመጣሉ» አለች። «ባዶ ክፍል ካዩ ዘንድሮ ትምህርት ቤት የለኝም። ያለኝን ሁሉ እዚያ ቤት ላይ አፍስሻለሁ። እኔ 'ባስቸኳይ' እያልኩ እጽፋለሁ፣ እናንተ 'በቅርቡ' ትሉኛላችሁ፣ እኔም ለወላጆች 'በቅርቡ እንከፍታለን' እላለሁ። አሁንስ ፊታቸውን ማየት አፈርኩ።» አንጀቴን በላችው።

ወንድሜ አፉን ሲከፍት ጸሐፊዋ ቀደመችው። «ጋሼ፣ ያቺን ቃል እንዳያወጧት!»

መምህሯን ሸኝታ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠችና የተላላክነውን ሁሉ ማንበብ ጀመረች። ለደንበኛ «በቅርቡ»፣ ለእንጨት ሻጩ «ባስቸኳይ»፣ ለአናጢዎቹ ደግሞ ሁሉም ሥራ «ባስቸኳይ»። «ሁሉም አስቸኳይ ከሆነ እኮ» አለች፣ «አናጢው የሚሠራው የጮኸውን ሰው ዕቃ ነው። መምህሯ ደግሞ መጮህ አታውቅም።»

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። «እትዬ፣ ቀለሙ መቼ ይደርቃል?»

«ቶሎ ይደርቃል።»

«ቶሎ መቼ ነው?»

«ኧረ በፈጠረሽ! ቀለሙን ልጠይቅልሽ?»

«ይጠይቁልኝ» ብላ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ሳልወድ በግዴ ሳቄ መጣ። ለልጆች ወንበር የመጀመሪያው ቅብ አድሮ ነው ሁለተኛው የሚደገመው፤ ሁለተኛውም አድሮ ነው የሚነካው። ይህን ስነግራት ከሐሙስ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች። ረቡዕ በ10 ሰዓት መጫን። ማክሰኞ ሁለተኛው ቅብ፣ ሰኞ የመጀመሪያው። ስለዚህ አናጢዎቹ ቅዳሜ ማታ ይጨርሳሉ። ስለዚህ እንጨቱ ከአርብ ጠዋት ማለፍ የለበትም።

ለእንጨት ሻጩ «ባስቸኳይ ላክ» የሚለውን አጥፍታ የአርቡን ቀንና «ጠዋት በ2 ሰዓት» ብላ ጻፈች። «ካልቻሉ ረቡዕ እስከ 11 ሰዓት ያሳውቁኝ» ብላም ጨመረች። ሰውዬው ወዲያው መለሰ፦ አርብ መኪና የለኝም፣ ሐሙስ ከሰዓት ግን ልላክ? ወንድሜ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ባስቸኳይ ስለው ዝም ይለኝ የነበረው ሰውዬ ነው ይሄ?»

«ነገ» የሚለውን እንኳ አልማረችም። «ሰውዬው ነገ ካነበበው የእሱ ነገ ሌላ ቀን ነው» ትላለች። የሌሎቹን ደንበኞች መልእክት ግን ቀኑን ባዶ ትታ አስቀመጠችው። ሠራተኛው ራሱ የማይነግራትን ቀን አትጽፍም፤ በየተራ እየጠየቀች ልትሞላው ነው።

ወንድሜ ግን ትዕግሥት የት ያውቃል! ቅዳሜ እሷ ምሳ ስትወጣ ወንበሯ ላይ ተደላደለ። «እታለም፣ ነይ እይ! ይሄ ኮምፒውተር እኮ 'ሁሉንም ተካ' የሚል አለው፤ እሷ ለምን ትደክማለች?» አለኝና የድሮዎቹን መልሶች አውጥቶ «በቅርቡ» ያለበትን ሁሉ «ረቡዕ በ10 ሰዓት» አደረገው። ከዚያም ለሁሉም ላከ። እጄ ቀለም ነበር፤ ደህና ነገር ያደረገ መስሎኝ አላየሁለትም።

ወንበሮቹ በሰዓታቸው አለቁ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ አድርጌ ቀባኋቸው፤ ስንደረድራቸው ዓይን ያበራሉ። ረቡዕ ከሰዓት መምህሯ መጥታ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ጭነት የሚወስደው ሹፌር ብቻ ነበር የቀረው። መኪናውን የተከራየው ወንድሜ ነው፤ ሹፌሩ ስንደውልለት «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ይላል።

በ10 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሹፌሩ መስሎኝ ስከፍት፣ አልጋ ያዘዘው ሙሽራ ነው። ከኋላው ቁም ሣጥን ያዘዙት ጡረተኛ። ከእሳቸው ኋላ ባለ ጠረጴዛው፣ ከባለ ጠረጴዛው ኋላ ባለ መደርደሪያው። ግቢው ሞላ። አንዱማ «ረቡዕ በ10 ሰዓት ልጅ ስለወለዱ እንኳን ደስ አለዎት ብላችሁኛል፤ ሚስቴ የወለደችው ባለፈው ወር ነው!» እያለ ስልኩን ያሳያል።

ጸሐፊዋ ወንድሜን አየችው። ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። ሹፌሩ ደግሞ ያን ጊዜ ደወለ፤ መኪናው ተበላሽቷል፣ ዛሬ አይመጣም። መምህሯ ሰማያዊ ወንበር አቅፋ ቁጭ አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ይጠይቁ» አለች ጸሐፊዋ። ወንድሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆሞ «ቀኑን ሳልጠይቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የደረሰ ዕቃ የላችሁም» አለ። ጩኸቱ አይወራ! እሷ ግን አናጢዎቹን አጠገቧ አቁማ ከያንዳንዱ ደንበኛ ጋር ተነጋገረች። ለሙሽራው ከሠርጉ በፊት ያለ ቀን ሰጠችው፤ ለጡረተኛው ግን ሩቅ ቀን ነገረቻቸው፣ አላስዋበችውም። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሩቅም ቢሆን ቀን ነው። እስከዛሬ ያጣሁት እሱን ነው» አሉ።

ይህን ጊዜ ዞር ብላ በሩን አየች። ሁሉም ዕቃ ሊወስድ ነዋ የመጣው! ደጃፉ ላይ ባዶ መኪና ተሰልፏል።

«አባባ» አለቻቸው ጡረተኛውን፣ «ያ መኪና አሁን የት ሊሄድ ነው?»

ሽማግሌው ወንበሮቹን አዩ፣ መምህሯን አዩ። «ኑ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ብለው መጀመሪያ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ሙሽራው ተከተለ። ሲጮህ የነበረው አዲሱ አባት ቢጫዎቹን በሙሉ ጫነ። መምህሯ እያለቀሰች ትመርቃለች፣ እኔ «ቀለሙን እንዳትፍቁብኝ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሳይመሽ ወንበሮቹ ክፍላቸው ገቡ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ የመምህሯ መልእክት መጣ። «ፈቃዱ ተሰጠኝ። ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል እንከፍታለን። ለወላጆች በሙሉ ጽፌያለሁ» ይላል። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችልንና ዓይኗን ጠረገች።

ወንድሜ ስልኩን አወጣ፣ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። የእሷ ስልክ ጠራ።

«ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ በ3 ሰዓት ቢሮ ነይ፤ የቋሚነት ደብዳቤሽን ትፈርሚያለሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋሚ ነሽ።»

ደጋግማ አነበበችው። እኔ «መቼ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ብዕር አንስታ ቀኑንና ሰዓቱን መዳፏ ላይ ጻፈች።