ፎቶው ላይ የተመለሱት ነጥቦች

ለቡ ውስጥ የገበያ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ቤት አለን። እኔ ቤቱን የሚያስተዳድረው ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ቤቱ የወረዳው ስለሆነ፣ ውሉ ሊያልቅ ሲል እንዲታደስልን ቀርበን እንድናስረዳ ተጠራን። የምናሳየው በየስብሰባው የምናቀርበውን ያንኑ የድሮ ስላይድ ነበር።

የወንድሜ ልጅ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። መካኒሳ ቤቴ መጥታ የመጀመሪያውን ገጽ ስታይ ሳቀች።

«አክስቴ፣ ይሄ ስላይድ ነው ወይስ የእድር መዝገብ?»

ከላይ እስከ ታች በነጥብ የተደረደረ ጽሑፍ ነው። አዲስ የኮሚቴ አባል በገባ ቁጥር የእሱ መስመር ይጨመራል። መስመሩን ማውጣት ሰውየውን ማውጣት ስለሚመስል፣ አንድም ወጥቶ አያውቅም።

«ሰው እያነበበ አያዳምጥም» አለች። «ሰዎቹ ሲወጡ ምን እንዲያደርጉ ነው የምትፈልጊው?»

«ቤቱን እንዲተዉልን።»

«በቃ፣ ሁሉም ገጽ ወደዚያ ይሂድ።»

«ዓላማና ተግባራት» የሚለውን ርዕስ አጠፋችው፤ ርዕሱ ራሱ ነገሩን ይናገር አለች። በእሱ ፈንታ ገና ጎህ ሲቀድ በራችን ላይ የተነሳ ፎቶ ሙሉውን ገጽ ያዘ፦ ጎመን የተሸከመች እናት፣ በእጇ ልጅ። ከላይ «ይህ ቤት ከተዘጋ ልጇን ይዛ ገበያ ትውላለች» የሚል ብቻ። ቀጥሎ ሌላው የሕፃናት ማቆያ ምን ያህል እንደሚርቅ በአንድ ቀይ መስመር የሚያሳይ ካርታ። መጨረሻው ጥያቄያችን። ታሪካችንና የአባላቱ ሥራ በወረቀት ታትሞ ይታደላል፤ እኔ የምናገረው ደግሞ ለእኔ ብቻ ተጽፎ ተሰጠኝ። ተለማመድኩት።

ለኮሚቴው አሳየሁ።

«እትዬ» አሉ ሊቀመንበራችን፣ «በሥዕል ብቻ ከቀረብን ሥራ ያልሠራን አያስመስለንም?»

«ወረቀቱ ላይ አለ፣ ጋሼ።»

«ወረቀት ማን ያነባል!» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። ሊቀመንበሩ ስላይዱ ያለበትን ፍላሽ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ቤቱን ያስገኙት እሳቸው ናቸው፤ ስጡኝ ማለት አልሆነልኝም።

ወረዳው አዳራሽ ፕሮጀክተሩ ሲበራ እናቲቱ አልታየችም። የድሮዎቹ ነጥቦች ከነአባላቱ ስም ፎቶው ላይ ተጽፈዋል፤ ነጭ ፊደል በነጭ ሰማይ ላይ። ሊቀመንበሩ ተነሥተው ማንበብ ጀመሩ። እያንዳንዱ አባል ስሙ ሲጠራ ራሱን ነቀነቀ። የያዝኩትን ንግግር ጭኔ ላይ አጥፌ ተቀመጥኩ።

«አባቴ፣ ፊደሉ አይታይም» አሉ የወረዳው ኃላፊ። «ጥያቄያችሁ ምንድን ነው?»

«እየደረስኩ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

ካርታው ላይ ሳንደርስ ሰዓታችን አለቀ፤ ሌሎች ባለጉዳዮች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጥያቄያችንን ጽፈን እንድናስገባ፣ እስከዚያ ግን ቤቱን ለማስረከብ እንድንዘጋጅ ተነገረን። ሊቀመንበሩ ደጅ ላይ እጄን ይዘው «ማንንም አላስቀየምንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። «ይመስገን» አልኩ።

ማታ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሊወስዱ መጡ። ፎቶ የተነሳችው ሴት ልጇን አዝላ ስታበቃ ጠየቀችኝ።

«ምን አሉን፣ እትዬ?»

«ጻፉ አሉን።»

ነጠላዋን አጥብቃ፣ ነገ ቀደም ብላ እንደምታመጣው ነግራኝ ሄደች።