ፍሬን የጠየቀችው ደመወዝ

የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም «ፍሬን» ነው። ገና ምንም ሳይነካት ቀድማ ፍሬን ትይዛለቻ! መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትረከብም ስታስረክብም፣ ካርቶኑን ሦስቴ ሳትቆጥር አትፈርምም። ሹፌሮቹ ያማርሯታል፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች። ሥራዋን ያገኘችው በአጎቷ በኩል ነው፤ ደመወዝሽ ይህ ነው አሏት፣ ፈረመች፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ስንት ይከፈለኝ ብላ ጠይቃም አታውቅም።

አሁን ግን መጋዘኑ ሊዘጋ ነው። የወሩ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይሰናበታል። ቤት ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ናቸው፤ የእናትየው የደም ግፊት መድኃኒትም የቤት ኪራዩም የሚወጣው ከእሷው ደመወዝ ነው። ፍሬን እንቅልፍ ካጣች ሰነባብታለች።

አንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። ሁሉ ነገር ለእሷ የተሰፋ ይመስላል። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «የሚጠብቁትን የወር ደመወዝ በማመልከቻ ኢሜይሉ ላይ በቁጥር ያልገለጹ አመልካቾች አይታዩም።»

 ብታበዛ ይጥሏታል፣ ብታሳንስ ይንቋታል። «በስምምነት» ብላ ልታልፈው ከጅሏት ነበር፤ በቁጥር ተብሏል፣ ምን ይደረግ! መጋዘን ውስጥ ደመወዝ ሲወራ ሁሉም የሚያወራው እጁ ላይ ስለሚገባው ነው። የእሷ ደግሞ አሥራ አራት ሺህ ከምናምን ነው። ትንሽ ልድፈር ብላ «የምጠብቀው ደመወዝ፦ 16,000» ብላ ጻፈች። ዓይኗን ጨፍና ላከችው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የልብ ጓደኛዋ ለሆነችው የመጋዘኑ ሒሳብ ሠራተኛ በኩራት ነገረቻት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የተጣራ ነው ብለሽ ጽፈሻል?»

«ኧረ! ቁጥሩን ብቻ።»

«ወይ ጉድ! አንቺ ልጅ፣ ቀጣሪ እኮ ደመወዝ ሲባል የሚያነበው ጥቅሉን ነው። ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ማለት ነው። የአሁኑ ጥቅልሽ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሃያ አንድ ሺህ! አሁን ከምታገኚው አሳንሰሽ ነው የለመንሽው።»

ፍሬን ስልኳ ላይ አሰላችው። እጅ ላይ አሥራ ስድስት እንዲገባ ጥቅሉ ወደ ሃያ አራት መሆን ነበረበት። ቢቀጥሯትስ? ኪራዩ ሲከፈል መድኃኒቱ ይቀራል።

«ማመልከቻው የሚዘጋው ዛሬ ነው፣» አለቻት ጓደኛዋ። «በዚያው ኢሜይል ላይ ማስተካከያ ላኪ። አጭር ይሁን፤ አትለማመጪ።»

እናቷ በስልክ ስትሰማ ጮኸች። «ተይ ልጄ፣ ተይ! በአንድ ቀን ስምንት ሺህ ጨመረች፣ ይቺ ቀማኛ ናት ይሉሻል። ባዶ እጃችንን ልታስቀሪን ነው?»

እናቷ ያለችው ሁሉ እሷም ውስጥ እየተንጫጫ ነበር። ያም ሆኖ ጻፈች፦ «ቀደም ሲል የገለጽኩት 16,000 ተቆራጭ ከወጣለት በኋላ ያለውን የተጣራ ክፍያ ነው። የምጠብቀው ጥቅል የወር ደመወዝ 24,000 ሲሆን ለድርድር ክፍት ነኝ። ለፈጠርኩት ግርታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ላከችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነብራለች። በመጨረሻ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች።

የሰው ኃይል ኃላፊው ሁለቱንም ኢሜይሎች አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸዋል። ስለ ሥራው የጠየቃትን ሁሉ አንድም ሳታዛንፍ መለሰች። ከዚያ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ።

«ሁለት ቁጥር ነው የላኩልን። በመጀመሪያው፣ በአሥራ ስድስቱ ጥቅል፣ እንቅጠርዎት ብንል ይስማማሉ?»

 እሺ የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። እሺ ብትል ዛሬውኑ ሥራ አላት፣ የእናቷም ጩኸት ይበርዳል። እሺ ብትል ግን እናቷ መድኃኒቱን እየቆጠበች ልትውጥ ነው፤ አንድ ቀን ውጣ፣ አንድ ቀን ትታ።

«አልችልም ጌታዬ፣» አለች። «አሁን ከማገኘው በታች ነው። እናቴን አላኖርበትም። ከሃያ ሁለት ከወረደ አልችልም።»

ሰውየው ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። አለቀልኝ አለች በልቧ፤ ቦርሳዋንም ያዘች።

«ለቦታው የተያዘው ሃያ ሦስት ነው፣» አለ ቀና ሳይል። «ከዚያ ማለፍ አልችልም። ይበቃዎታል?»

ምን ብላ እንደመለሰች አታስታውስም። ብቻ ስትወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እናቷ ጋ ደወለች። ድምፅ አልወጣ አላት፤ ሳግ ብቻ።

«ከለከሉሽ አይደል? ነግሬሽ ነበር እኮ!» አለች እናትየው።

«ሰጡኝ እማዬ። ሃያ ሦስት ሺህ።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

«ፈርቼ ነበራ እማዬ፣» አለች ፍሬን። «አልችልም ስለው፣ አንቺን የገደልኩሽ መስሎኝ ነበር።»