የእህቴ ፊት ቀለም

የታላቅ ወንድሜን መርዶ የሰማነው በማለዳ ነው። ስለዚያ ማለዳ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሆነው፣ ስለ እህቴ ፊት ነው።

እህቴ የመሃል ልጅ ናት። እሱ ታላቅ፣ እኔ ታናሽ። መርዶው ሲነገር እናቴን ጎረቤቶች ያዟት፤ እህቴን ግን የያዛት ሰው አልነበረም። ፊቷን ነጨች። ሐዘን ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም አልተገረመም። ከጉንጮቿ እስከ ጆሮ ግንዷ ድረስ ጥፍሮቿ ያለፉበት ሁሉ ደማ። ውሎ አድሮ ቁስሉ ደረቀ፣ ቅርፊቱ ረገፈ፣ በቦታው ከቆዳዋ የባሰ የጠቆሩ መስመሮች ቀሩ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤታችን አይታ፣ "በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ብቻ አትነካኪው" አለቻት።

እኛ ግን ወራት አልነበረንም። ወንድሜ ወደ ግንባር ከመሄዱ በፊት፣ ለበረራ አስተናጋጅነት ካላመለከትሽ ብሎ ቁም ስቅሏን አሳይቷት ነበር። አመለከተች፤ የጽሑፉንም ፈተና አለፈች። የአየር መንገዱ ሰዎች ፊት ቀርባ የምትታይበት ቀን የተነገራት መርዶው ከመምጣቱ በፊት ነው። ቀኑ ደግሞ ከአርባው ቀደም ብሎ ዋለ። ፊቷ ላይ ምልክት ያለባትን አይወስዱም ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኛ ግን አምነን ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ወሬውንም መስማት አልፈለገችም።

"የወንድምሽ አርባ ሳይወጣ ተቀባብተሽ ልትወጪ ነው?"

"እማዬ፣ እሱ እኮ ነው ሂጂ ያለኝ።"

እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኛም አትሂጂ አለማለቷን እንደ ፈቃድ ወሰድነው።

ፋውንዴሽን የሚባል ነገር መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። እህቴ አስረዳችኝ። ፊት ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ ከቆዳ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ካለው ምልክቱን ይሸፍናል፤ ከሌለው ግን ባይቀቡት ይሻላል። ራሷ ሄዳ መግዛት አትችልም። ፊቷን በነጠላ ሳትሸፍን ደጅ አትወጣም፤ ጥቁር የለበሰች ልጅ መኳኳያ ስትገዛ ታየች ቢባል ደግሞ እናቴ የምትገባበት አይኖራትም። ስለዚህ እኔ ሄድኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ፣ ጢሜ ገና መብቀል የጀመረ ልጅ ነበርኩ። እሱንም ለሐዘኑ ብዬ አሳድጌዋለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖርበት ጉርድ ሾላ ዳር አገር ነበር። ቦሌ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ይያዛል። እህቴ የጠቆመችኝ ሱቅ ከአንድ ቪላ አጥር ጋር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤቷ በወጣትነታቸው አውሮፕላን ላይ የሠሩ ሴትዮ ናቸው። ዕቃ እንደ ልብ በማይገባበት በዚያ ዘመን የእሳቸው ዕቃ በድሮ ጓደኞቻቸው ሻንጣ ትንሽ ትንሽ እያለ ይመጣላቸዋል።

"ለማን ነው?" አሉኝ።

"ለእህቴ።"

"መልኳስ?"

"ጠይም ናት፣ እትዬ።"

እህቴን ሁሉም ሰው ጠይም ነው የሚላት። ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ እናቴም። ጥቁር ማለት ሰው ማስቀየም ይመስላል፤ ስለዚህ ሰው የሚወዱት ጥቁር ሁሉ ጠይም ይሆናል። በግልጽ የሚጠራት ወንድሜ ብቻ ነበር። "ጥቁሯ! እስቲ ውኃ አቀብይኝ" ይላታል። እሷ ጫማ ትወረውርበታለች፤ ከዚያ ውኃውን ታመጣለታለች።

ሴትዮዋ አንድ ጠርሙስ አወረዱ። "ለመሞከሪያ የከፈትኩት ይሄን ብቻ ነው። ሌላው እሽግ ነው፤ የተከፈተ ማን ይገዛኛል? ጠይም ከሆነች ግን ይሄ ይሆናታል።" እጄ ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው በጣታቸው አሹት። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ረጅም አምፖል ሥር ማር መሰለ። ደስ አለኝ። ገዝቼ ወደ ቤት በረርኩ።

እህቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ጉንጯን ቀባች።

"እህ? ምን መሰልኩ?"

ፊቷ አመድ ሆኗል። መስመሮቹም አልጠፉም፤ አመዱ ሥር ግራጫ ሆነው ቁጭ ብለዋል። መስታወቱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ውይ! ዱቄት ቤት ያደርኩ መሰልኩ እኮ!" ብላ ሳቀች። ከመርዶው ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድንገት አቆመች። "ምን ብለህ ነው የጠየቅሃቸው?"

"ጠይም ናት አልኳቸው።"

"እኔ ነኝ ጠይም?"

"ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል እኮ፣ እታለም።"

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ "እሱ ቢሆን አይሳሳትም ነበር" አለች። በንዴት አልነበረም ያለችው። እንዲያውም ቀስ ብላ ነው።

በማግስቱ ጠርሙሱን ይዤ ተመለስኩ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩና፣ "እትዬ፣ እህቴ ጥቁር ናት" አልኩ። ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ።

"እሱን መጀመሪያ ብትለኝ ምን ነበረበት! እንዴት ያለች ጥቁር? ከሥሩ ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር አለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላም አለ። ሁለቱ አንድ ጠርሙስ አይቀቡም።"

ይሄን ማን አስቦት ያውቃል? አላውቅም አልኳቸው።

"በመልክ የሚመስላት ሰው የለም? እዚህ ሊመጣ የሚችል?"

"እኔ እመስላታለሁ። ሦስታችንም አንድ ነን።"

"እንግዲያው ፊትህን ወዲህ አምጣ።" አገጬን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩኝ። "ይሄ ጢም ግን ምንድን ነው? በዚህ ላይ ምን ይታያል?" እጅጌዬ ላይ የተሰፋችውን ጥቁር ጨርቅ ያኔ አዩ። እጃቸውን መለሱ። "ማን ሞቶብህ ነው?"

"ታላቅ ወንድሜ። ግንባር።"

"እግዜር ያጥናህ፣ የኔ ልጅ።" ከዚያ የእህቴን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው፤ የነጨችውንም፣ የምትቀርብበትንም ቀን። ከመደርደሪያው ጥግ ሁለት እሽግ ጠርሙሶች አወረዱ። "ጥቁር ቀለም ያላቸው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አልከፍትም ብዬ ነበር" አሉና ሁለቱንም ከፈቱ።

እጄን ዘረጋሁ። "እጅ አይሆንም" አሉኝ። "እጅ ሌላ ነው፣ ፊት ሌላ ነው። ትናንት ያጠፋነውም እሱን ነው። መንጋጋህ ላይ፣ ከጆሮህ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው።" ከመሳቢያቸው ምላጭ አውጥተው አስቀመጡልኝ፤ ግን አላጣደፉኝም። አርባ ሳይወጣ ጢም አይነካም። ምላጩን አየሁት። ወንድሜ ቢያየኝ ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። የሚስቅ መሰለኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሳሙና ይዤ ሄጄ ከጆሮዬ ሥር የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦታ ላጨሁ።

ሴትዮዋ ከሱቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። "አምፖል ውሸታም ነው" አሉ። ከአንዱም ከሌላውም በክብሪት እንጨት ቀባ ቀባ አደረጉኝ። ልናገር ስል፣ "ዝም በል፣ ይድረቅ! ሲደርቅ ይጠቁራል፤ በእርጥቡ አይፈረድም" አሉኝ። መስታወት ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ሙሽራው! ሊፕስቲኩን ረሳኸው!" ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

"ሂድ ወዲያ፣ ባለጌ!" አሉት እሳቸው።

ሲደርቅ አንደኛው እንደ ሸክላ ቀላ፣ ሁለተኛው ቢጫነቱ ወጣ። ሁለቱም እኔን አልሆኑም። ሴትዮዋ ተስፋ የቆረጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የስኒ ማስቀመጫ አምጥተው ከሁለቱም ጠብ ጠብ አድርገው አዋሃዱ፤ ቀቡኝ፤ ጠበቅን። ቢጫው ገና በዛ። ከቀዩ ትንሽ ጨመሩበት። ጠበቅን። እንደገና መስታወቱን ሳይ የቀቡኝ ቦታ የለም። በጣቴ ካልሆነ በዓይኔ ላገኘው አልቻልኩም።

"ጠፋ እኮ፣ እትዬ።"

"እንዲጠፋ ነው የምንፈልገው።" ከዚያ እንድነግራት አስጠኑኝ። መስመሮቹ ላይ መጀመሪያ ቀዩን ለብቻው፣ በጣም ትንሽ፣ በጣት ጫፍ ጠቅ ጠቅ፤ ጥቁሩን የሚያበርደው እሱ ነው። በነጣ ቀለም ከተሸፈነ ግራጫ ይሆናል። ከዚያ ድብልቁን በላዩ ስስ አድርጎ። ማሸት የለም። ያመጣሁትን ጠርሙስ ተቀብለው ሁለቱን ሰጡኝ።

በቀኑ ጧት እህቴ የቤታችን ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ በምታርፍበት በኩል በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ መስታወቱን ያዝኩላት። እንደ ተባልነው አደረገች። መስመሮቹ አንድ በአንድ ሄዱ። የምጠብቀው ይህን ነበር፤ ግን ሲሆን ሳየው መስታወቱን ዝቅ አድርጌ አየኋት። ከመርዶው በፊት የነበረችው እህቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ምንም እንዳልሆነ ያህል።

እናቴ ከውስጥ ወጣች። እህቴን በቀኝ አየቻት፣ በግራ አየቻት።

"ምንም አይታይም" አለች። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አልለየሁም። "ሁሉም ጠፋ?"

"ሁሉም፣ እማዬ።"

እናቴ ጎንበስ ብላ የእህቴን ፀጉር ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ከጆሮ ግንዷ ላይ ያለችውን አንዲት መስመር ጠረገቻት። መስመሯ ተመልሳ ታየች።

"ይቺ ትቆይ" አለች። "ይቺ የሱ ናት።"

እህቴ ፀጉሯን መልሳ ሸፈነቻት። እናቴ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞራ የተላጨውን መንጋጋዬን በአውራ ጣቷ ነካችው።

"ይሄስ?"

"ለቀለሙ ነው፣ እማዬ።"

"ቂል" አለችና ጭንቅላቴን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው።

እህቴን አየር መንገዱ በር ድረስ ሸኘኋት። ወደ ቤት የተመለሰችው ቀትር ላይ ነው። እናቴ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሳትነሳ ዓይን ዓይኗን ታያት ጀመር።

"ነይ ብለውኛል" አለች እህቴ። ከዚያ ጫማዋን እያወለቀች፣ "ከመራጮቹ አንዷ ሴትዮ ግን ፀጉርሽን ወደ ኋላ አድርጊው አለችኝ። አየችው። ይሄ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ።"

"ምን አልሻት?" አለች እናቴ።

"ወንድሜ ነው አልኳት።"