አመዳይ ያልያዘው ዘንግ

ታታ ሙሌያ ንግግሩን ሌሊቱን ሙሉ በቃሉ ሲወጣው አድሯል። ጠዋት ወተቱን አስረክቦ፣ የተገለበጠ የወተት ጣሳ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ግን ከንግግሩ የቀረለት መጀመሪያው ብቻ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በአካባቢው ታታ የማይለው የለም፤ አባታችን ማለት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ይህ ስም በተጠራ ቁጥር ትከሻው ትንሽ ይሰበራል።

የወተት ማኅበሩ ሰማንያ አባላት በማሰባሰቢያው ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። ሊቀ መንበሯ ሉያንዶ ጉዳዩን አስታወቀች፤ እያንዳንዱ ቤት አምስት መቶ ክዋቻ አዋጥቶ የማዳቀል አገልግሎት በመንደሩ ይቋቋም ወይስ አይቋቋም? የኮርማ ዘር በብርድ የሚያቆይ አንድ የናይትሮጅን ጋን፣ አንድ ያገለገለ ሞተር ብስክሌትና አንድ አዳቃይ።

«ታታ ያስረዱን» አለች።

ተነሣ። ጉልበቱ ተንቋቋ።

«ላም ኮርማ ስትፈልግ ቀጠሮ አትሰጥም» አለ። «ጠዋት ስትፈልግ ያያችኋት ማታ መዳቀል አለባት፤ ማታ ያያችኋት ጠዋት። ከተማ ያለው ባለሙያ ሰማንያ ኪሎ ሜትር አቋርጦ በማግስቱ ሲደርስ ላሟ ረስታዋለች። እናንተም ለነዳጁ ከፍላችሁ ሦስት ሳምንት ትጠብቃላችሁ። ኮርማ አለን ትሉኛላችሁ። አለ፤ የሀማንጃ ኮርማ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ኮርማ! አሁን የገዛ ልጆቹን እየሰረረ ነው። የዘንድሮዎቹን ጥጆች አይታችኋል?»

«የኔን ኮርማ ስም አታጥፉብኝ ታታ!» አለ ሀማንጃ ከኋላ። ነገረኛ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። «የኔ ኮርማ ናይትሮጅን አይሞላ፣ ሞተር አይነዳ! ሣር በልቶ ሥራውን ይሠራል። ደሞዝ ጠይቆም አያውቅ!»

ሳቁ ጣሳዎቹን አንኳኳ።

«ደግሞስ» አለ ሀማንጃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዴ አዋጥተን አልነበር? አርባ ሦስት ላም ተዳቅላ አንዷ እንኳ ያዘች? ያ ልጅ ዘሩን ሸጦ ውኃ ሰጠን። ያን ዓመት ጥጃ ሳይጮህ ክረምቱ አለፈ። ረሳችሁት?»

ማንም አልሳቀም። ያ ልጅ የተባለው የያኔው አዳቃይ ቾልዌ ነው። ዐይኖች ሁሉ መሬት ሲያዩ ታታ ሙሌያ ግን ሳይፈልግ ወደ ጥላው ጫፍ አየ። ቢና ቾልዌ፣ የቾልዌ እናት፣ የወተት ማጣሪያ ጨርቋን ጭኗ ላይ አጥፋ ተቀምጣለች። ልጇ ሞቶም የምትጠራው በእርሱ ነው። ወተት ስታስረክብ፣ መዝገብ ሲነበብ፣ ሰላምታ ሲሰጣት፤ ቢና ቾልዌ፣ ቢና ቾልዌ። ሙሌያ ስሙን በየቀኑ ሁለቴ ሲሰማ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ወደ ማታ ደግሞ፣ ላሞቹ ወደ በረት ሲገቡ፣ በመንገዱ መታጠፊያ የሌለ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ይሰማዋል። ላም ሊያዳቅል እንደተጠራ ሁሉ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ይቆማል።

ሰው በሠራው ጥፋት አይሰቃይም ሲል ያስብ ነበር ሙሌያ፤ የሚያሰቃየው ሌላው ሰው ጥፋቱን ተሸክሞለት ሲሄድ ጀርባውን ማየቱ ነው።

«ለድምፅ ይቅረብ?» አለች ሉያንዶ። ብዙዎቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል። ነገሩ አልቆለታል።

«ቆይ» አለ ሙሌያ። ከኮቱ ኪስ ዳርቻው የተበላ ደብተር አወጣ። «ቾልዌ ዘር አልሸጠም።»

ደብተሩን ገለጠ።

«ለአምስት ሳምንት ስልጠና ሲሄድ መለኪያ ዘንጉን ለኔ ሰጠኝ። ‹ታታ፣ ሰኞ ሰኞ ጋኑ ውስጥ ክተቱት፣ አሥር ቁጠሩ፣ አውጥታችሁ በአየር ላይ አወዛውዙት። አመዳዩ እስከ የት እንደያዘ አይታችሁ ጻፉ፤ ናይትሮጅኑ እስከዚያ አለ ማለት ነው። ከአሥር ሴንቲ ሜትር በታች ሲወርድ ከተማ ደውሉ› አለኝ። ሲሄድ አሥራ አራት ነበር። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ጣለ። ሁላችንም እርሻ ላይ ነበርን። እኔ አሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው አሥራ ሁለት። ከዚያ አሥራ አንድ፣ ከዚያ አሥር። ማረሻው አጠገብ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ክዳኑን አልከፈትኩም።»

«ታታ…» አለች ሉያንዶ።

«ልጨርስ ልጄ። በአምስተኛው ሳምንት ከፈትኩት። ጭስ የለም። ዘንጉ ሲወጣ ደረቅ እንጨት ነው፤ አንድ ጣት አመዳይ እንኳ አልያዘም። ደወልኩ፤ በማግስቱ መኪና መጥቶ ሞላው። ጋኑ እንደ ድሮው ጨሰ። እኔም ቅዝቃዜው ከተመለሰ የዘሩም ነፍስ ተመልሳለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቾልዌ ሲመለስ ጋኑ ሙሉ ነው፣ ደብተሩ ንጹሕ ነው። የሞተ ዘር የያዘ ቀሰም፣ ያ ቀጭኑ ቱቦ፣ ከሕያው አይለይም፤ ልጁ አርባ ሦስት ላም በሙት ዘር አዳቀለ። በሃያ አንድ ቀን ሁሉም ኮርማ ፈለጉ። አንድ ጊዜ የሞቀ ዘር ዳግም ቢቀዘቅዝ እንደማይነሣ የሰማሁት በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ከተማ። ያኔ ልጁ ሞተሩን ቀምታችሁት፣ ሰላምታ ነፍጋችሁት፣ ወደ ማዕድን ማውጫ ሄዶ ነበር። ልጽፍለት አሰብኩ። ሳስብ አስከሬኑ መጣ።»

ሀማንጃ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ።

«አገልግሎቱ አላታለላችሁም። ያታለልኳችሁ እኔ ነኝ። የኔን ነውር ለልጁ አልብሼ፣ በሱ ሰበብ ከብታችሁ ሲያንስ አሥራ አንድ ዓመት ቁጭ ብዬ አየሁ። ከኮሚቴው አስወጡኝ፤ ይገባኛል። ግን በኔ ምክንያት እምቢ አትበሉ።»

ቢና ቾልዌ ተነሣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ገለጠችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን ቁጥር ታውቃለች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ አሥር፤ ጣቷ በየመሥመሩ ወረደ።

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለች።

እርስዎ አላለችውም። ታታም አላለችውም።

«ወደ ማዕድኑ ሊሄድ ሲል፣ ያን ማታ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ምን እንዳጠፋሁ ብቻ ባውቅ› አለኝ። እኔም ውኃ ሰጥተህ እንደሆነ ንገረኝ አልኩት። እናቱ ነኝ፤ ጠየቅሁት።»

ሙሌያ ለአሥራ አንድ ዓመት ከራሱ ጋር ሲሟገት ይህች አንዲት ጥያቄ በሐሳቡ አልመጣችም፤ ልጁን የገዛ እናቱ እንኳ እንድትጠረጥረው ማድረጉ።

ቢና ቾልዌ ከመቀነቷ የታሰረ ገንዘብ ፈትታ በሉያንዶ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «የኔ ይኸው። ነገር ግን ዘንጉን የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ ሰኞ ሰኞ መጥቶ ይጻፍ። ሌላ ማንም አይጻፍ።»

«እሱን?» አለ ሀማንጃ ቀስ ብሎ። «ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳይከፍት የማይጽፍ እሱ ብቻ ነው።»

ድምፁ ተቆጠረ። ስድሳ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ። ሀማንጃ ከስድሳ አንዱ አንዱ ነበር። ሙሌያ በዚያው ቀን ከኮሚቴው ወጣ፤ ያወጣው ማንም አልነበረም፣ ራሱ ነው።

ጋኑ በመጣ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ወተት ካስረከቡ በኋላ፣ ሁለቱ በማሰባሰቢያው ጓዳ ቆሙ። ክዳኑን ሲያነሣው ነጭ ጭስ በአፉ ዳርቻ ተንጠልጥሎ ወረደ። ቢና ቾልዌ ዘንጉን ከተተች። ጮክ ብላ እስከ አሥር ቆጠረች፤ አወጣችው፣ አወዛወዘችው። አመዳዩ በእንጨቱ ላይ ቀስ እያለ ነጣ።

ሙሌያ መነጽሩን አስተካክሎ አየ። «ሠላሳ አንድ» አለ፤ ብዕሩንም አነሣ።

«አሳየኝ» አለች።

በጥፍሩ መሥመሩን ነካላት። ብርዱ ጣቱን አቃጠለው፤ ግን እርሷ አይታ እስክትጨርስ አላነሣውም።