የአል ዐይኗ ሌባ

በወረርሽኙ ጊዜ አቡ ዳቢ ውስጥ ከእኔ በላይ ብልጥ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እኔው ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለኝም። የኮሮና ምርመራ ውጤት በስልክ የሚያሳይ መተግበሪያ ያለው አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ነበርኩ። ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች ፒጃማ ለብሼ ከቤቴ ሆኜ አገር እጠብቅ ነበር።

መተግበሪያው ውስጥ የሚገባው በስልክ ቁጥርና በአራት አኃዝ የምስጢር ቁጥር ነው። አራት አኃዝ ማለት ዐሥር ሺህ አማራጭ ብቻ ነው፤ ለሰው ብዙ ነው፣ ለማሽን ግን ምንም አይደለም። አንድ ቀን መዝገቡን ስከፍት አንዱ ጉደኛ በሰው ስልክ ቁጥር 0000፣ 0001፣ 0002 እያለ ሲሞክር አገኘሁት። የሚያስቆመው ነገር አልነበረም። ደነገጥኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ፤ ጀግና የምሆንበት ቀን መጣ አልኩ።

ገደብ አበጀሁ። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ ለመግባት ከተሞከረ፣ አድራሻውም ስልኩም ለሃያ አራት ሰዓት ይታገዳል። የተሳካውን ከተሳሳተው መለየት? ምን አደከመኝ! ሁሉም ይቆጠር። እገዳ የሚያነሳው ደግሞ ምክንያቱ ሲነገረው አለቃዬ ብቻ ነው፤ ይህንንም የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ቆፍጣና ለመምሰል። የአማርኛውን መልእክትም በገዛ እጄ ጻፍኩት፦ «በአጠራጣሪ ድርጊት ምክንያት ታግደዋል።» ሁለት ጊዜ አንብቤ ረካሁ።

በማግስቱ አርብ፣ የእረፍት ቀን ነበር። ያኔ ግን እረፍት የሚባል ነገር ስላልነበረ በቪዲዮ ተሰብስበናል። «ያዝኩት!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «አል ዐይን ከተማ ነው ያለው። በአንድ ስልክ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የዐሥራ አምስት ሰው አካውንት ሊበረብር ነበር!» አለቃዬ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት፤ አል ሂሊ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፣ እኔን አስተምራ እዚህ ያደረሰችኝም እሷ ናት። አርብ አርብ ቃጣራ ሰፈር ካሉ የወሎ ልጆች ጋር በጋራ በተከራዩት ክፍል ይሰበሰባሉ። ካሜራዬንና ማይኬን ዘግቼ ስልኩን አነሳሁ።

«አንተ ልጅ፣ ያንተ ሥራ አይደል ይሄ? ወላሂ ጉድ ሆኛለሁ! ታግደሻል ይለኛል።»

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? ትናንት ሁላችንም ተመርምረን ውጤት ዛሬ ወጣ። ልጆቹ ማንበብ አይችሉ፣ የምስጢር ቁጥራቸው እኔ ደብተር ላይ ነው። ለሁሉም በስልኬ ከፈትኩላቸው፣ አንዳንዷንም ሁለቴ ተሳስቼ። የራሴ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ዘጋኝ!»

አል ሂሊም ቃጣራም የአል ዐይን ሰፈሮች ናቸው። ሌባዬ እሷ ነበረች።

«የማዳም ሾፌር ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። «አሮጊት እናቷ ቤት ስላሉ ነፃ ነሽ የሚለውን አረንጓዴ ምልክት ስልኬ ላይ በዓይኗ ሳታይ አታስገባኝም። ፎቶ አንስታችሁ ታጭበረብራላችሁ ብላ አታምንም። ካልመጣሽ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ ብላኛለች።»

ሰዓቱን አየሁ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። የሌላ ስልክ ተዋሺ እንዳልላት ሁሉም ዳታ ሳይገዙ በአንዱ ዋይፋይ ነው የሚጠቀሙት፣ አድራሻውም ታግዷል። ብልሃቴ ሁሉን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ እንኳን ደስ ያለኝ!

ወደ ስብሰባው ተመለስኩ። አለቃዬ «የያዝነውን ሌባ ሪፖርት ላይ እናስገባዋለን» እያለ ነው። ዝም ብል ጀግና ሆኜ እቀራለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «እገዳው ይነሳ» አልኩ።

«ምክንያት?»

«ሌባዋ እህቴ ናት።»

አንዱ ባልደረባዬ ሳቁን ለመደበቅ ማይኩን ዘጋ፣ ካሜራውን ግን ረሳው። ሁሉንም ስነግራቸው አለቃዬ ግንባሩን አሻሸና እገዳውን አነሳ። ለስድስት አምስት ጉዳይ ነበር።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ደንቡን አፍርሼ ሠራሁት። የሚቆጠረው የተሳሳተ ሙከራ ብቻ፣ ያውም በየአካውንቱ ሆነ። አምስቴ የሳተ ትንሽ ይጠብቃል፣ ደግሞ ከሳተ የበለጠ ይጠብቃል። ብዙ ሰው በአንድ ዋይፋይ እንደሚኖር ዘግይቶም ቢሆን ስለገባኝ፣ የአድራሻውን ገደብ አሰፋሁት። እውነተኛው ሌባማ አድራሻ እየቀያየረ እኛ ስናጨበጭብ እንኳ ሥራው ላይ ነበር።

አመሻሽ ላይ እህቴ ከማዳም ቤት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ።

«ገብቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ‹አጠራጣሪ› ምናምን ብሎ የጻፈውን ሰው ታውቀው እንደሆን ንገርልኝ። እህቴ የሰው አትነካም፤ ማንበብ ለማይችሉት እያነበበች ነበር በለው።»

«እነግረዋለሁ» ብዬ መለስኩላት። ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።