እህቴ በግል ታብ ያነበበችው

እኔና ታላቅ እህቴ ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ትንሽ ኢንተርኔት ቤት ነበረን። የሚመጡብን አስጎብኚዎች፣ ፈረንጆች፣ እንዲሁም ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸው እናቶች ነበሩ። አንዱ በተነሣበት ወንበር ሌላው ስለሚቀመጥ፣ እህቴ ሰው በወጣ ቁጥር ብራውዘሩ ውስጥ የቀረውን የታዩ ገጾች ታሪክ ታጠፋለች። ገመና ያለበት ለሚመስላት ሰው ደግሞ የግል ታብ ትከፍትለታለች፤ ሲዘጋ፣ ያያቸው ገጾች ታሪኩ ውስጥ አይገቡም።

አንድ ቀን ከአሸተን ማርያም የወረዱ አባት የገዳሙን ፎቶ ሲያዩ፣ እርቃኗን ያለች ሴት ማስታወቂያ ፊታቸው ዱብ አለ። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እህቴ ሮጣ ዘጋችው።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ አንቺ ምን አደረግሽ» አሏት።

በዚያው ዕለት ሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ እንዲህ በራሱ ዱብ የሚል ማስታወቂያ፣ ፖፕ አፕ የሚሉት፣ እንዳይከፈት አደረገች።

በዚያ ዓመት ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጥ ጀመር። ወልድያ ታክማ ስትመለስ «ደም ማነስ ነው አሉኝ» አለችን። አመንናት።

የድሮው ብራውዘር እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረን፣ እሷ በምትሠራበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ ጫንሁ፤ ማንኛውም ሊንክ በእሱ እንዲከፈትም ዋና ብራውዘር አደረግሁት። ከድሮው ላይ ቡክማርኮቹን፣ ተመልሶ ለማየት ምልክት ተደርጎባቸው የተቀመጡትን ገጾች፣ ላምጣ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እሺ አልሁ። ከመጡት መካከል አንዱ ስለ ኩላሊት መድከም፣ ስለ መጨረሻው ደረጃ የሚናገር ገጽ ነበር። ያን ኮምፒውተር ደግሞ ከእሷ በቀር ሰው አይነካውም።

«እታለም፣ ይኸ ያንቺ ነው?»

ስክሪኑን አየች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በግል ታብ ነበር የከፈትሁት። አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ።»

«ታሪኩ ነው የማይቀረው። ቡክማርክ ያደረግሽው ይቀራል።»

«ለእማዬ እንዳትነግራት።»

«ለእኔስ ለምን ደበቅሽኝ?»

«አንተም ካወቅህ፣ ከማን ጋር ልስቅ ነው ወንድምዓለም?»

ከበር ውጭ አንድ ፈረንጅ ክፍት መሆናችንን ይጠይቃል፤ እሷ ተነሥታ «ግባ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ብቻዋን አላነበበችም። ደንበኛ ሲሳሳ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናነባለን፤ የከበደኝን እንግሊዝኛ እሷ ታስረዳኛለች፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ እየመሰለች። ደም የሚያጥበው ማሽን ያለው አዲስ አበባ ነበር። እንሂድ ብዬ ለመንኋት። «ከማሽን ሥር እየኖርሁ ከእማዬ ርቄ ልሙት?» አለችኝ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች።

ከተዝካሯ በኋላ እናቴ ጓዳ ጠርታ እጄን ያዘችኝ።

«ልጄ እንደምትሞት ታውቅ ኖሯል?»

«አታውቅም ነበር፣ እማዬ።»

«ተመስገን» አለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችኝም።